ለተተኪ መምህር የምተወውን ማስታወሻ እንዴት እንዳስተካከልኩ

ድሬዳዋ ውስጥ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። በሌለሁበት ቀን ክፍሉን የሚይዙልኝ መምህር የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ናቸው፤ «ከዚህ ገጽ ይቀጥሉ» የሚለው የተለመደው ማስታወሻ ተማሪዎቹ የት እንደሚሳሳቱ ስለማይናገር ብዙም አይረዳቸውም ነበር።

ስለዚህ ማስታወሻውን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ አዘጋጀሁት፦ 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ብዙዎቹ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምረው 2/5 እንደሚሉ፣ ያን ጊዜም «ተሳስታችኋል» ከማለት «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ጻፍኩ። በግማሽ ላይ ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ውጤት እንደማይገኝ ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ታሕቱን ወደ 6 የሚያመጣው አሠራር፣ ማለትም 3/6 + 2/6 = 5/6፣ ምክንያቱ ይገባቸዋል።

ከ40 ደቂቃው 10ሩን ለጥያቄው፣ 15ቱን ለአሠራሩ፣ የቀረውን ለመልመጃ መደብኩ፤ አዲስ ርዕስ እንዳይጀመርም አሳሰብኩ፣ ይህ ዘዴ የሚሠራው ተማሪዎቹ አቻ ክፍልፋዮችን አስቀድመው ሲያውቁ ብቻ ነውና።

በወረቀቱ ግርጌ፣ ከመልመጃው በኋላም 2/5 የሚሉትን ተማሪዎች ስም የሚሞሉበት ባዶ ቦታ ተውኩላቸው። ስመለስ ክለሳውን የጀመርኩት ከእነዚያ ተማሪዎች ነው።