አሬራ ቅቤው ስለወጣለት አይነፋም ያለው ማነው? ወተት የማይስማማን ሰዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐይቅ አክስቴ ቤት ሄጄ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ፣ ሆዴ ነው ያስገባኝ ብል ይሻላል። እኔ ወተት አይስማማኝም፣ ልጅ እያለሁ ግን እንደ ጥጃ ነበር የምጠጣው። አክስቴም ይሄን ስለምታውቅ ወተቱን ትታ አንድ ትልቅ ጣሳ አሬራ አቀረበችልኝ። "እትዬ ይሄም እኮ ያው ወተት ነው" ስላት "ኧረ ወዲያ! ቅቤው ወጥቶለት፣ ኮምጥጦ፣ ምን ቀረው ብለህ ነው፣ ጠጣ በሞቴ" አለችኝ፣ በሞቴ ከተባለ ደግሞ ወሎ ውስጥ እምቢ አይባልም። የምግብ ሳይንስ ተምሬ ጣሳውን ግጥም አድርጌ ጠጣሁት ስላችሁ እያፈርኩ ነው። አንድ ሰዓት አልሞላም ሆዴ ይጮህ ጀመር፣ ከዛ ተነፋ፣ የቀረውን ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ያውቀዋል።

የአክስቴ ስህተት የብዙ ሰው ስህተት ነው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

"ከኮመጠጠ ላክቶሱ አልቋል" ማለት

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። የላም ወተት 100 ሚሊ ውስጥ 4.8 ግራም አካባቢ አለው፣ ስለዚህ አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ በሉት፣ 12 ግራም ይይዛል። ይሄን ስኳር የሚሰብረው ትንሹ አንጀታችን የሚያመነጨው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙዎቻችን ላይ ካደግን በኋላ ይቀንሳል። ሳይሰበር ያለፈው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ባክቴሪያዎች ያቦኩትና ጋዝ ያደርጉታል። መነፋቱም ጩኸቱም ተቅማጡም ከዚሁ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ከጠጣችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ።

አሁን ወተቱ እርጎ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር እንይ። ባክቴሪያዎቹ ላክቶሱን እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ፣ የምንቀምሰው ኮምጣጣነት እሱ ነው። ልውውጡ በግርድፉ አንድ ለአንድ ነው፣ 1 ግራም ላክቶስ ሲበላ 1 ግራም የሚጠጋ አሲድ ይወጣል። ችግሩ አሲዱ ራሳቸውን ባክቴሪያዎቹንም ያዳክማቸዋል፣ 100 ሚሊ ውስጥ 1 ግራም አካባቢ ሲደርስ፣ ያ ማለት አፍ የሚያሳጥር ኮምጣጣ እርጎ ማለት ነው፣ ስራቸውን ወደማቆሙ ይሄዳሉ። ከ4.8 ላይ 1 ብትቀንሱ 3.8 ቀረ። በቃ ይሄው ነው፣ ደንበኛ ኮምጣጣ እርጎ ላክቶሱ የተነካው ሩብ እንኳን አይሞላም፣ ምላሳችን ግን አሲዱ ጣፋጩን ስለሚሸፍንበት ስኳሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ታዲያ እርጎ ለምን ከወተት ይሻላል ይባላል? እውነት ይሻላል፣ ግን በሌላ ምክንያት። አንደኛ ወፍራም ስለሆነ ከሆድ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ ሁለተኛ የእርጎ ባክቴሪያዎች በህይወት ካሉ ላክቶስ የሚሰብር ኢንዛይም ይዘው ይገባሉና አንጀት ውስጥ ያግዛሉ። ስለዚህ እርጎውን አሙቆ መጠጣት፣ "ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ያመመኝ" ብሎ እሳት ላይ ማሳረፍ፣ ያንኑ እርዳታ መግደል ነው።

ቅቤው ሲወጣ ላክቶሱም አብሮ የወጣ ይመስለናል

ላክቶስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው፣ ቅባት ውስጥ አይገባም። ይሄን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከላም ጡት እስከ ገበታ ያለውን ሁሉ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፣ ውሃው በሄደበት ላክቶሱም ይሄዳል።

የአክስቴን ቤት እንውሰድ። በወይራ የታጠነው ቅል ውስጥ 5 ሊትር ወተት ጠራቀመ በሉ፣ ላክቶሱ 240 ግራም አካባቢ ነው። ሁለት ቀን ቆይቶ ረግቶ ሲኮመጥጥ ወደ 190 ግራም ይወርዳል። ከዛ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ 200 ግራም አካባቢ ቢሆን ነው። ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ከዛ ሁሉ ላክቶስ ይዞ የሚወጣው 2 ግራም እንኳን አይሞላም። የቀረው በሙሉ የት ሄደ? አሬራው ውስጥ ነው ያለው! የጠጣሁት ጣሳ ግማሽ ሊትር ቢሆን 19 ግራም ላክቶስ ነበረው፣ ከአንድ ብርጭቆ ወተት በላይ፣ ያውም በባዶ ሆድ። አሬራ ቀጭን ስለሆነ ደግሞ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። እናቶቻችን ውሃ ጨምረው ቢያቀጥኑት ትንሽ ይሳሳል እንጂ አያልቅም።

ከዛ አሬራው እሳት ላይ ቀስ ብሎ ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰብና አጓቱ ከስር ይቀራል። ከ5 ሊትሩ 600 ግራም የሚሆን አይብ ይወጣል። አይብ ደረቅ ይምሰል እንጂ አብዛኛው ውሃ ነው፣ እና በጠቅላላው 19 ግራም አካባቢ ላክቶስ ይይዛል፣ ማለትም 100 ግራም አይብ ውስጥ 3 ግራም። ሌላው ከ160 በላይ የሚሆነው ግራም አጓቱ ውስጥ ቀረ፣ እሱን ጥጃው ይጠጣዋል ወይም "ለሆድ ጥሩ ነው" ተብሎ ለእንግዳ ይሰጣል፣ እንግዳው እንደኔ ከሆነ ለሆድ ጥሩ አይደለም። ቁጥሮቹ እንደ ላሟና እንደ አናናጡ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ አካሄዱ ግን አይለወጥም።

ኢንተርኔት ላይ "ቺዝ ላክቶስ የለውም" ሲባል አይባችን መስሎን መብላት

እዛ የሚወራው ስለ ቆየ ቺዝ ነው፣ ስለ ቼዳር፣ ስለ ፓርሜዛን፣ ስለ ጎውዳ። እነሱ መጀመሪያ አጓታቸው ይጨመቃል (ጎውዳ እንደውም እርጎው በሙቅ ውሃ ይታጠባል)፣ አብዛኛው ላክቶስ እዛው ላይ ይሄዳል። ትንሽ የቀረችውን ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በልተው ይጨርሷታል። ሶስት አራት ወር የቆየ ጠንካራ ቺዝ 100 ግራም ውስጥ ብዙ ጊዜ 0.1 ግራም እንኳን አይሞላም፣ ፓርሜዛን ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። የኛ አይብ ዛሬ ተሰርቶ ዛሬ ወይ ነገ የሚበላ ነው፣ ለመቆየት ጊዜ የለውም።

ይሄ ማለት ግን አይብ ተዉ ማለት አይደለም። ሶስት አራት ማንኪያ አይብ ከእንጀራና ከጎመን ጋር 2 ወይ 3 ግራም ቢሆን ነው፣ አብዛኛው ሰው አይሰማውም። በንጹህ ነጠላ አንጠልጥላችሁ አጓቱን በደንብ ካንጠፈጠፋችሁት የበለጠ ይቀንሳል። አጓቱ ላይ የሚዋኝ ልስልስ አይብ በጎድጓዳ ሳህን መብላት ነው ችግሩ።

ደሴ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ቺዝ ስትገዙም እንደዛው ተጠንቀቁ። በሶስት ማዕዘን ተጠቅልሎ የሚሸጠው፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው ዓይነት የወተት ዱቄት ወይም የአጓት ዱቄት ሊጨመርበት ይችላል፣ የወተት ዱቄት ደግሞ ሲሶውን ከዛም በላይ ላክቶስ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ገልብጡና ሹገር የሚለውን መስመር እዩ፣ ምንም ነገር ያልተጨመረበት ቺዝ ላይ ያለው ስኳር ላክቶስ ብቻ ነው። 0 ከሆነ ወይም ከ0.5 በታች ከሆነ ጨርሱት፣ 5 ወይ 6 ካለ ወተት እየበላችሁ ነው።

ቅቤን መፍራት

ይሄኛው ተቃራኒው ስህተት ነው። ወተት አይስማማኝም ብሎ ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ የሚያሰራ ሰው አውቃለሁ፣ ያሳዝናል በእውነት። አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው ላክቶስ ከ0.1 ግራም በታች ነው። ከኮረሪማና ከአብሽ ጋር ሲነጠር ደግሞ ውሃው ይተናል፣ ዝቃጩ ይጠለላል፣ ያቺም የለችም። ቅቤ በልታችሁ ካቅለሸለሻችሁ ቅባቱ በዝቶ ይሆናል እንጂ ላክቶስ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልለይ፣ የወተት አለርጂ ያለበት ሰው፣ ማለትም ወተት ሲቀምስ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ቆዳው ሽፍ የሚልበት ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሱ ጠላት ፕሮቲኑ ነው። ይሄ ጽሁፍ ለሱ አይደለም፣ ቅቤውም አይቡም የቆየ ቺዙም ሊጎዳው ይችላልና።

ማፍላት፣ ፍየል፣ ግመል

ወተት ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ላክቶሱን አይነካም። ባቲ ገበያ ደርሳችሁ የግመል ወተት መድኃኒት ነው ብላችሁ ብትጠጡ ላክቶሱ ከላም ወተት እምብዛም አይለይም፣ የፍየልም እንደዛው። ቅባት የወጣለት ወተትም ላክቶሱ እዛው ነው።

መጠኑን ሳያዩ "ይስማማኛል፣ አይስማማኝም" ብሎ መቁረጥ

ላክቶስ የማይስማማው አብዛኛው ሰው ትንሽ ትንሽ ይችላል፣ ብዙዎች በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ያለ ብዙ ችግር ያሳልፋሉ፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ። ማኪያቶ ውስጥ ያለው ወተት ከ3 እስከ 5 ግራም ነው፣ እኔ ሁለት ማኪያቶ በቀን ጠጥቼ ምንም አልሆንም፣ አንድ ጣሳ አሬራ በባዶ ሆድ ግን አየነው።

ከፆም በኋላ ያለው ደግሞ ለብቻው ነው። ወተት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሰው ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይለማመዱታል፣ ጋዙም ይቀንሳል። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ወተት ሳይነካ ቆይቶ የፋሲካ ለት ጠዋት እርጎ በትልቅ ብርጭቆ የሚገለብጥ ሰው ያ ልምምድ ጠፍቶበታል፣ ከዛ "ዶሮው ነው የነፋኝ" ይላል። ረመዳን ላይም ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ኢፍጣርን በወተት የሚጀምር አለ፣ በተምርና በሾርባ ጀምሮ ወተቱን ከምግቡ ጋር ቢያደርገው ሌላ ነገር ነው። ማረጋገጥ የፈለገ ሁለት ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አሬራና አጓት ይተውና ሆዱ ረጭ ካለ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ሁለት ሶስት ሰዓት ይጠብቅ፣ ካልተሰማው በሌላ ቀን ሙሉ ብርጭቆ ይሞክር።

ሁለት ሳምንት ትታችሁ ሆዳችሁ ያው ከሆነ ወተት ላይ አታላክኩ። ጃርዲያ ራሱ ልክ እንደዚህ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ አንዳንዴም አንጀቱን ጎድቶ ለጊዜው ወተት እንዳይስማማ ያደርጋል፣ ሲታከም ይመለሳል። ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ደግሞ ሙከራውን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አክስቴ አሁን ስሄድ የተንጠፈጠፈ አይብ በንጥር ቅቤ ነው የምታቀርብልኝ። አሬራውን ግን አሁንም "ትንሽ ቅመስ በሞቴ" ትላለች፣ በስኒ አድርጋ።