ወደ ቃለ መጠይቅ ሲገቡ ቀኝ እጅዎ ባዶ ይሁን

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርተው በሩ ላይ ሲደርሱ ፋይልዎንና ቦርሳዎን አስቀድመው ወደ ግራ እጅዎ ያዛውሩ፤ ጠያቂው ተነሥቶ እጁን በዘረጋበት ቅጽበት ዕቃ ማቀያየር ከጀመሩ፣ ዐይንዎ ከሰውየው ፊት ወደ ወረቀቱ ይወርድና ስምዎንም በቅጡ ሳይናገሩ ይቀራሉ። መዳፍዎን የሚያልብዎት ከሆነ፣ ተራ ሲጠብቁ ጨብጠው አይያዙት፤ ከመግባትዎ በፊትም በመሐረብ ያድርቁት። እጅ ለመዘርጋት አይቅደሙ፤ ካልተዘረጋልዎት ራስን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ መስጠት ይበቃል።

ከዚያ «ቦታውን ለማግኘት አልተቸገሩም?» ሲባሉ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አያማርሩ፤ በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አልተቸገርኩም፤ የላካችሁልኝ አቅጣጫ ግልጽ ነበር፤ አመሰግናለሁ» ካሉ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያሻግረው ጠያቂው ነው።