ሰንጠረዡ 36% ይላል፤ የማን 36%?

የሶሲዮሎጂ ጽሑፍ ስታነቡ ሰንጠረዡን ዘላችሁ ወደ ማብራሪያው የምትሮጡ ከሆነ አልፈርድባችሁም፣ እኔም ስዘል ኖሬያለሁ። እስቲ በ1912 እ.ኤ.አ. የሰጠመችውን የታይታኒክን ተሳፋሪዎች ሰንጠረዥ ይዘን እንየው። የመርከቧ ሠራተኞች አልተካተቱም።

| | ተረፉ | ሞቱ | ድምር |
|---|---|---|---|
| 1ኛ ማዕረግ | 203 | 122 | 325 |
| 2ኛ ማዕረግ | 118 | 167 | 285 |
| 3ኛ ማዕረግ | 178 | 528 | 706 |
| ድምር | 499 | 817 | 1316 |

ችግር፦ አንዱ «3ኛ ማዕረግ 36%» ይላል፣ ሌላው «25%»። ማን ተሳሳተ?

ምክንያት፦ ማንም። 178ን ለ499 ካካፈላችሁ 36% ይመጣል፤ ከተረፉት ውስጥ የ3ኛ ማዕረግ ድርሻ ነው። ለ706 ካካፈላችሁ ደግሞ 25%፣ ማለትም ከ3ኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የተረፉት። 36%ቱን ብቻ ያየ ሰው «ድሆቹም ብዙ አልተጎዱም» ብሎ ያልፋል፣ የ3ኛ ማዕረግ ሰው መጀመሪያውኑ ብዙ ስለነበር እንደሆነ ሳያስተውል።

መፍትሄ፦ መቶኛ በተጻፈበት ሰንጠረዥ ላይ 100% የሚለው የት እንዳለ ፈልጉ። ረድፉ መጨረሻ ላይ ከሆነ መቶኛው በረድፍ ነው፣ ዓምዱ ግርጌ ከሆነ በዓምድ። ከዚያ ምክንያት ነው በተባለው ነገር (እዚህ ማዕረጉ) በየቡድኑ የተሰላውን አነጻጽሩ፦ 62%፣ 41%፣ 25%። አሁን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ችግር፦ ከሰንጠረዡ ስር «ካይ ስኩዌር = 133፣ p < 0.001» ተጽፏል። 133 ምንድን ነው?

ምክንያት፦ ቁጥሩ የተገኘው እንዲህ ነው። በጠቅላላው 38% ተርፏል። ማዕረግ ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ ከ706ቱም 38%፣ ማለትም 268 ያህል ሰው ይተርፍ ነበር። የተረፈው ግን 178 ነው፣ 90 ሰው ጎደለ። ይህን ልዩነት በራሱ አባዝታችሁ ለ268 ስታካፍሉ 30 ገደማ ይመጣል። በስድስቱም ሳጥኖች እንዲሁ አድርጋችሁ ስትደምሩ 133 ይሆናል።

መፍትሄ፦ ለዚህ መጠን ሰንጠረዥ (ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 2 ነው) p ከ0.05 በታች የሚሆንበት ድንበር 5.99 ነው፤ p ማለት ሁለቱ ነገሮች ባይገናኙ ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ነው። 133 ከዚያ እጅግ ርቋል፣ ስለዚህ ማዕረግና መትረፍ ባይገናኙ ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል ማለት ከባድ ነው።

ችግር፦ «p በጣም ትንሽ ስለሆነ ግንኙነቱ በጣም ጠንካራ ነው» የሚል ድምዳሜ። ይሄኛው ያናድደኛል፣ የታተመ ጽሑፍ ላይ ሳይቀር አለ።

ምክንያት፦ ካይ ስኩዌር በሰው ብዛት ያብጣል። ቁጥሮቹን ሁሉ ለ30 አካፍሉና 44 ሰው ገደማ ብቻ ይሁን። መቶኛዎቹ ያው ናቸው፣ ካይ ስኩዌሩ ግን ወደ 4.4 ይወርድና «ጉልህ አይደለም» ይባላል።

መፍትሄ፦ ጥንካሬውን ከመቶኛዎቹ ልዩነት ወይም ክራመርስ ቪ ከሚባለው ቁጥር አንብቡ። የኛው 0.32 ገደማ ነው፣ ብዙ ሰው መካከለኛ የሚለው። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ይጠበቅ የነበረው ቁጥር ከ5 በታች የሆነባቸውን ሳጥኖች ቁጠሩ፤ ከሳጥኖቹ አንድ አምስተኛ በላይ ከሆኑ ያንን p አትመኑት።