የሱቅ ደብተር ወደ ባላንስ ሺት ሲቀየር የት የት ይበላሻል?

አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ እንውሰድ። ባለቤቱ ያለው የዕለት ገቢና ወጪ ደብተር፣ የዱቤ ደብተር፣ የባንክ ስቴትመንትና በላስቲክ የታሰረ የአከፋፋይ ደረሰኝ ብቻ ነው። ከእነዚህ ባላንስ ሺት፣ ማለትም በዓመቱ መጨረሻ የሱቁን ሀብት፣ ዕዳና ካፒታል የሚያሳይ ዝርዝር እንሠራለን። ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የመረጥኳቸው ናቸው።

ምልክት፦ መነሻ ካፒታል የለም

ባለቤቱን «በስንት ጀመርክ?» ብትሉት ከዓመታት በፊት ሱቁን የከፈተበትን ብር ይነግራችኋል። እሱ አይጠቅማችሁም። ደብተሩ የሚያውቀው የገባና የወጣ ብር ብቻ ስለሆነ፣ ሐምሌ 1 ጠዋት ሱቁ ምን እንደነበረውና ምን ዕዳ እንደነበረበት ራሳችሁ መዘርዘር አለባችሁ። በእጅና በባንክ 85,000፣ ዕቃ 240,000፣ ሰው ላይ ያለ ዱቤ 60,000፣ ፍሪጅና መደርደሪያ 50,000። ድምሩ 435,000 ነው። ለአከፋፋይ ያልተከፈለ 95,000 ሲቀነስ መነሻ ካፒታሉ 340,000 ይሆናል።

ምልክት፦ ሽያጩና ግዢው ያነሰ ይመስላል

ደብተሩ ላይ «ሽያጭ» ተብሎ የተጻፈው የተሰበሰበ ብር ነው። አምና በዱቤ የተሸጠው ዘንድሮ ሲከፈል ተጽፏል፣ ዘንድሮ በዱቤ የወጣው ደግሞ ገና አልተጻፈም። ስለዚህ ከደንበኛ የገባው 1,150,000 ላይ ሰኔ 30 ያለውን ዱቤ 90,000 ደምሩ፣ የሐምሌ 1ዱን 60,000 ቀንሱ። ሽያጩ 1,180,000 ነው።

ለግዢም ያው ነው። ለአከፋፋይ የተከፈለ 880,000፣ ሲደመር የዓመቱ መጨረሻ ዕዳ 115,000፣ ሲቀነስ የመጀመሪያው 95,000፣ ግዢ 900,000።

ከዚህ ላይ ቤት የተወሰደ ዕቃ አለ። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው። ማንም አይጽፈውም፣ ግን አልተሸጠም። ባለቤቱን ጠይቃችሁ በግዢ ዋጋ ገምቱት፤ እዚህ 20,000 እንበል። ሰኔ 30 ተቆጥሮ የተገኘው ዕቃ 210,000 ከሆነ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 240,000 + 900,000 − 20,000 − 210,000 = 910,000 ነው። ጥቅል ትርፉ 270,000።

ኪራይ 156,000 ተከፍሏል፤ በወር 12,000 ስለሆነ ግን የ13 ወር ክፍያ ነው። አንዱ ወር የሚቀጥለው ዓመት ነውና ወጪው 144,000 ብቻ ነው፣ 12,000ው ቅድሚያ ክፍያ ሆኖ ሀብት ውስጥ ይገባል። መብራትና ልዩ ልዩ 26,000፣ የፍሪጅና የመደርደሪያ እርጅና 10,000። የተጣራ ትርፍ 90,000።

ምልክት፦ ካሹ ጎደለ

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። 85,000 ላይ የገባውን 1,150,000 ደምራችሁ 880,000፣ 156,000 እና 26,000 ስትቀንሱ 173,000 መኖር ነበረበት። በእጅና በባንክ የተገኘው 58,000 ነው። 115,000 የት ሄደ?

ብዙ ጊዜ መልሱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት አስቤዛ፣ ለቅሶና ሰርግ ነው። ሁሉም ከመሳቢያ ወጥቶ አልተጻፈም። «የባለቤት ወጪ» አድርጋችሁ ያዙትና ባላንስ ሺቱ ይዘጋል፦ 340,000 + 90,000 − 135,000 (ካሽ 115,000፣ ዕቃ 20,000) = 295,000። በሌላ በኩል ሀብቱ ካሽ 58,000 + ዕቃ 210,000 + ዱቤ 90,000 + ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 12,000 + እርጅና የተቀነሰለት ፍሪጅና መደርደሪያ 40,000 = 410,000 ነው፤ ዕዳው 115,000 ሲቀነስ 295,000።

ምልክት፦ ሚዛኑ ገጥሟል፣ ግን ቁጥሩ አይመስልም

የጎደለውን ሁሉ የባለቤት ወጪ ካላችሁት ሚዛኑ ሁልጊዜ ይገጥማል። የተሰረቀ ብርም፣ ያልተጻፈ የዕቃ ግዢም እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ መግጠሙን እንደ ማረጋገጫ አትውሰዱት።

መጀመሪያ 115,000ን ለ12 አካፍሉ፣ በወር 9,600 ገደማ ይመጣል። ባለቤቱ «ቤቴ ከሱቁ በወር 4,000 ነው የሚወስደው» ካለ ቀሪው ሌላ ቦታ ነው። በተቃራኒው ካሹ ከሚጠበቀው በላይ ከሆነ፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ወይም የተበደረው ብር ሱቁ ውስጥ ገብቶ ደብተሩ ላይ እንዳልተጻፈ ጠርጥሩ። ሽያጭ ተብሎ ተጽፎም ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ግን ካሹ አያስታውቅም፣ ትርፉ ነው የሚያብጠው። የባንክ ስቴትመንቱንና ቴሌብሩን በመስመር በመስመር እዩ።

ሁለተኛው ፈተና የዋጋ ጭማሪው ነው። ባለቤቱ 100 ብር ላይ 30 እጨምራለሁ ካለ፣ 910,000 የሚያህል ዕቃ 1,183,000 መሸጥ አለበት። ያገኘነው 1,180,000 ስለሆነ ቅርብ ነው። 1,000,000 ብቻ ቢመጣ ግን ማታ የተጻፈው ሽያጭ ቀን ላይ ከመሳቢያው ወጪ ከተደረገ በኋላ የቀረው ብር ሊሆን ይችላል። ያኔ ሽያጩም ወጪውም አብረው ስለሚያንሱ ካሹ ምንም አይናገርም። እንዲህ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ከመሳቢያ የሚወጣው ሁሉ ለብቻው ይጻፍ፣ ከዚያ የዓመቱን ልክ ለመገመት መነሻ ይኖራችኋል።