ከ1.100,00 ሊራ ሽያጭ 770 ሊራ፦ በቱርክ የበይነመረብ ገበያ የሻጭ ገጽ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ኢስታንቡል፣ መርተር ውስጥ በአንድ የሴቶች ልብስ ሱቅ ሂሳብ እይዛለሁ። ሱቁ ቀሚሶቹን በበይነመረብ ገበያም ይሸጣል። እዚህ አገር ትሬንድዮልም ሆነ ሄፕሲቡራዳ ወይም ኤን 11 ለሻጩ የሚሰጡት ገጽ ቃሉ ትንሽ ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ቱርኮቹ ፓነል ይሉታል። ከታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን ደግሞ ከእኔ በኋላ ሥራ የጀመሩ የአገሬ ልጆች ሲሠሯቸው አይቻለሁ።

ነጥብና ኮማን በአገራችን ልማድ ማንበብ

በቱርክ ሺህን የሚለየው ነጥብ ነው፤ ሳንቲሙን የሚለየው ደግሞ ኮማ ነው። `1.100,00` ማለት አንድ ሺህ አንድ መቶ ሊራ ነው። በዓይን ስናነበው ብዙም አንሳሳትም። ችግሩ የሚመጣው የሂሳቡ ፋይል ወርዶ በእንግሊዝኛ በተስተካከለ ኤክሴል ሲከፈት ነው፦ `1.100` የተጻፈው አንድ ነጥብ አንድ ይሆናል፣ `90,50` ደግሞ ዘጠኝ ሺህ ሃምሳ ሊሆን ይችላል። ድምሩ የማይመስል ቁጥር ከሰጣችሁ ገበያውን ከመክሰሳችሁ በፊት የኮምፒውተሩን የአገር ማስተካከያ ተመልከቱ።

መለያ ወረቀት የታተመለትን ዕቃ እንደተላከ መቁጠር

አንድ ትዕዛዝ መጀመሪያ `Yeni` ማለትም አዲስ በሚለው ክፍል ይታያል። ማዘጋጀት ስትጀምሩ `İşleme Alınanlar` ወደሚለው ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ማጓጓዣ፣ በመጨረሻም `Teslim Edildi`፣ ደንበኛው እጅ ገባ ወደሚለው። የማጓጓዣውን መለያ አትሞ ከረጢቱ ላይ መለጠፍ ሁኔታውን አይለውጠውም። የሚለውጠው የማጓጓዣው ሠራተኛ ባርኮዱን በመሣሪያው ሲያነበው ነው።

አንድ ዓርብ ማታ አሥራ አንድ ከረጢት አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሠራተኛው ስለቸኮለ ሳያነብ ጭኗቸው ኖሮ ሰኞ ጠዋት ሁሉም በመዘግየት ቀይ ሆነው ጠበቁኝ። ዕቃዎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ ለገጹ ግን ገና ከሱቃችን አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ከበር ሳይወጣ ገጹን አድሼ ቁጥሩ መቀነሱን አያለሁ፤ ያስረከብኩበትን ወረቀትም እይዛለሁ።

ስለ ስረዛም አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛው የሰረዘውና ሱቁ «ዕቃው የለኝም» ብሎ የሰረዘው ሁለቱም `İptal` ቢባሉም እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ማቅረብ አለመቻል ተብሎ ይመዘገባል፤ የሻጩን ነጥብ ይቀንሳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል።

ኮሚሽንን ሁለት ጊዜ መቀነስ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ በአንድ ቀሚስ እንየው። ዋጋው 1.100 ሊራ ነው። ልብስ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በቱርክኛ `KDV`፣ 10 በመቶ ስለሆነ 1.000 የዕቃው፣ 100 የታክሱ ነው። የኮሚሽኑ መጠን እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ 20 በመቶ ነው እንበል። የሚሰላው ታክሱን ጨምሮ ደንበኛው በከፈለው ላይ ስለሆነ 200 ሳይሆን 220 ሊራ ይሆናል።

በሂሳብ መግለጫው ላይ ሽያጩ `Alacak` በሚለው ዓምድ 1.100 ሆኖ ይቀመጣል፤ ቃሉ ከሌላው የምትቀበሉት ማለት ነው። `Borç` የሚለው የእናንተ ዕዳ ነው። ከሽያጩ ጎን ኮሚሽኑ 220፣ ለሻጩ የሚደርሰው ደግሞ 880 ተብሎ ይታያል። ከቀናት በኋላ `Komisyon Faturası`፣ የኮሚሽን ደረሰኝ ይመጣል። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ እንደገና ይቀንሰውና 660 ላይ ይደርሳል። ደረሰኙ ግን አስቀድሞ ለተቀነሰው ገንዘብ የተቆረጠ ማስረጃ ነው።

የማጓጓዣው ነገር ተቃራኒ ነው። ከሽያጩ መስመር ጎን አይታይም፤ የብዙ ትዕዛዞች ሒሳብ አንድ ላይ ተጠቃልሎ በአንድ ደረሰኝ ይቀነሳል። ለቀሚሳችን 90 ሊራ፣ ለገበያው አገልግሎት 10 ሊራ እንያዝ። በዚህ ላይ `Stopaj` አለ፦ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ገበያዎቹ ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ 1 በመቶ ቀንሰው ለመንግሥት ያስገባሉ። ከ1.000 ላይ 10 ሊራ ማለት ነው። ይህ የገቢ ግብር ቅድመ ክፍያ ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ከግብሩ ላይ ይታሰባል እንጂ ወጪ ብላችሁ አትመዝግቡት።

ስለዚህ ባንክ የሚገባው 1.100 ሲቀነስ 220፣ 90፣ 10 እና 10፣ ማለትም 770 ሊራ ነው። ይህም ሁሉ የሱቁ አይደለም፤ ከደንበኛው የተሰበሰበው 100 ሊራ ታክስ በውስጡ አለ። በሌላ በኩል ኮሚሽኑ፣ ማጓጓዣውና አገልግሎቱ በድምሩ 320 ሊራ ሲሆኑ 20 በመቶ ታክስ ያካተቱ ናቸው፤ ይኸውም 53,33 ሊራ ነው። ደረሰኞቹ በእጃችሁ ካሉ ይህ ይካካሳል፣ ለመንግሥት የሚቀረው 46,67 ይሆናል። ቀሚሱ ሲገዛ የተከፈለው ታክስ ደግሞ ከዚህም ላይ ይቀነሳል። ደረሰኙን ማስረጃ ብቻ ነው ብሎ የሚጥል ሰው ይህን ገንዘብ ነው የሚጥለው።

የክፍያውን ቀን ከትዕዛዙ ቀን መቁጠር

ውሉ ላይ `Vade` የሚል የቀን ብዛት አለ። ቁጥሩ እንደ ውሉ ይለያያል፤ 28 ነው እንበል። ቆጠራው የሚጀምረው ዕቃው ደንበኛው እጅ በገባበት ቀን ነው። በየካቲት 24 ቀን 2025 የታዘዘ ቀሚስ መጋቢት 3 ከደረሰ፣ 28 ቀን የሚሞላው መጋቢት 31 ነው እንጂ መጋቢት 24 አይደለም። የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጋቢት 31 ላይም ገንዘብ አልነበረም፤ የረመዳን በዓል ሁለተኛ ቀን ስለነበረ ባንክ ዝግ ነው። ሥራ የተጀመረው ረቡዕ ሚያዝያ 2 ነው፤ ገበያው የሚከፍለው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን የክፍያ ቀን መጠበቅ አለ። እኛ በዚያው ሳምንት ለልብስ ሰፊው ቃል ገብተን ነበር።

ከደረሰ በኋላ አለቀ ማለት

በቱርክ ሕግ ደንበኛው ዕቃው ከደረሰው ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል። ቀሚሱ ሲመለስ 1.100 በ`Borç` በኩል ይጻፋል፣ 220 ኮሚሽኑም ይመለሳል። የመላኪያው 90 ሊራ ግን ብዙውን ጊዜ ሱቁ ላይ ይቀራል፤ የመመለሻውም እንዲሁ። የተመለሱ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ `Aksiyon Bekleyen` የሚለው ውሳኔያችሁን የሚጠብቀው ነው። የተሰጠው ጊዜ ካለፈ የቆሸሸም ይሁን የተቀደደ ዕቃ እንደተቀበላችሁት ይቆጠራል። ከረጢቱ እንደደረሰ ክፈቱት፣ ፎቶ አንሡ።

ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏችሁ ከሆነ የሚቀነሰው ከሚቀጥለው ክፍያ፣ ከሌላ ሰዎች ትዕዛዝ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍያ ሲጎድል የዚያን ሳምንት ሽያጭ ደጋግሞ መደመር ከንቱ ድካም ነው፤ በ`Sipariş No`፣ በትዕዛዙ ቁጥር፣ ያለፈውን ወር መግለጫ ፈልጉ።