ክፍል ሁለት የድሮውን ምክንያት ሲቀይር፦ ታሪኩን አከበረው ወይስ ካደው? እንዴት እንደሚለይ

ክፍል ሁለት ወጥቶ «ያ ሰው ያን ጊዜ ያደረገው በሌላ ምክንያት ነበር» ሲለን አንዳንዴ «ለካ!» እንላለን፤ አንዳንዴ ደግሞ የተታለልን ይመስለናል። እኔ የምለይበትን መንገድ በስታር ዋርስ ላሳያችሁ። ፊልሞቹን ላላያችሁ፣ ምስጢራቸው እዚህ ይወጣል።

መጀመሪያ አንደኛውን ክፍል ድጋሚ እዩና ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል ሰውየው ያደረገውን ጻፉ። በሌላው በኩል ለምን እንዳደረገው ማን እንደነገረን ጻፉ። በዓይናችን ያየነው ድርጊት መነካት የለበትም። በሰው አፍ የተነገረ ምክንያት ግን ክፍት ነው፤ ሰው ይዋሻል፣ ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ1977ቱ የመጀመሪያ ፊልም ወጣቱ ጀግና ሉክ አባቱ እንዴት እንደሞተ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው ኦቢ ዋን «ዳርዝ ቬደር ከድቶ ገደለው» ይለዋል። ግድያውን ግን አላየንም። በ1980ው ሁለተኛ ፊልም የታሪኩ ዋና ክፉ ሰው ቬደር ሉክን «አባትህ እኔ ነኝ» ሲለው የፈረሰው የሽማግሌው ቃል ብቻ ነው።

ቀጥሎ አዲሱ ምክንያት ዝም ብለን ያለፍነውን ነገር ያበራ እንደሆነ ፈትሹ። በአንደኛው ፊልም ሉክ ተበሳጭቶ ከገበታ ይነሳል። አክስቱ ቤሩ «የአባቱ ነገር በዝቶበታል» ትላለች። አጎቱ ኦዌን «እኔም የምፈራው እሱን ነው» ይላል። መጀመሪያ ስናየው ልጁ እንደ አባቱ ሄዶ እንዳይሞት የሚሰጋ አጎት ነው። ከ1980 በኋላ ስናየው ልጁ አባቱን እንዳይሆን የሚፈራ አጎት ነው። ንግግሩ ያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከበደ።

ብዙ ሰው «ከመጀመሪያው ታስቦበት ነበር ወይ?» ብሎ ይከራከራል። ይሄ መለኪያ አይመስለኝም። የሁለተኛው ፊልም የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የሉክ አባት ከቬደር የተለየ ሰው ነበር፤ በመንፈስ መጥቶ ልጁን ያናግረዋል። ሐሳቡ በኋላ የመጣ ነው፤ ግን ገጠመ።

ከዚያ ከባዱ ሥራ ይመጣል፤ አዲሱን ምክንያት አልቀበልም የሚል ትዕይንት መፈለግ። በ1983ቱ ሦስተኛ ፊልም ልዕልት ሌያ የሉክ እህት መሆኗ ሲነገራት «ሁልጊዜም አውቀው ነበር» ትላለች። በ1980ው ፊልም ግን ጓዳቸውን ሀንን ለማናደድ ብላ ሉክን ከንፈሩን ስማዋለች። ወንድሟ መሆኑን በልቧ እያወቀች? ሲነገራት ብትደነግጥ ኖሮ ያ መሳም ያለማወቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ታሪኩን የጎዳው እህትነቷ ሳይሆን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

በመጨረሻ የውሸቱን ዋጋ ማን እንደከፈለ እዩ። በሁለተኛው ፊልም ሉክ እጁ ተቆርጦ፣ ጓደኞቹ ካዳኑት በኋላ «ቤን፣ ለምን አልነገርከኝም?» ይላል። ቤን የሚለው ኦቢ ዋንን ነው። ቁስሉ እውነተኛ ስለሆነ ለውጡን እንቀበላለን። በሦስተኛው ኦቢ ዋን ሲጠየቅ ግን «የነገርኩህ ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ እውነት ነው» ይላል። እዚህ ጋ ፊልሙ ሽማግሌውን ለማንጻት የቸኮለ ይመስለኛል። «ዋሸሁህ፣ ፈርቼ ነው» ቢል ይበልጥ አምነው ነበር። ሉክም አልዋጥልህ ብሎት ቃሉን መልሶ ይጠይቀዋል፦ «ከአንድ አቅጣጫ?»