ኤክሴል የሰጣችሁን ቁጥር እንዳለ ለደንበኛ አትስጡ

እዚህ ኮምቦልቻ በምሠራበት ላብ አንድ ነገር በየዓመቱ ይደገማል። አዲስ ተመራቂ ይመጣል። ቡሬት አያያዙ ጥሩ ነው፣ እጁም አይንቀጠቀጥም። ሪፖርቱን ሳየው ግን «ጠቅላላ ሃርድነስ፦ 297.1552 ሚሊግራም በሊትር» ይላል። ኧረ ወንድምዬ፣ ያቺን የመጨረሻዋን 2 ከየት አመጣሃት?

ነገሩን በዚሁ ቁጥር ላስረዳ። ደንበኛው የጉድጓድ ውሃ ያስመጡ ሰውዬ ናቸው። ማሽን የሸጠላቸው ነጋዴ «የውሃው ሃርድነስ ከ300 ካለፈ ዋስትና የለም» ብሏቸዋል። ስለዚህ የሚፈልጉት መልስ አንድ ብቻ ነው፦ አለፈ ወይስ አላለፈ። ልጁ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ በፒፔት ወሰደ፣ በአሞኒያ በፈር ፒኤቹን 10 አደረገ፣ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ ጨመረ፣ በኢዲቲኤ ቲትሬት አደረገ። ሦስት ጊዜ ደግሞ ብላንኩን ሲቀንስ 14.75፣ 14.80 እና 14.85 ሚሊ ሊትር አገኘ። አማካዩ 14.80 ነው። የኢዲቲኤው መጠን 0.01003 ሞላር። ሃርድነስ የሚገለጸው በካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ 100.09 የሱ ሞላር ማስ ነው።

```
14.80 × 0.01003 × 100.09 × 1000 / 50 = 297.1552
```

ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ አራት ዴሲማል መጻፉ ነው። ያ ማለት እኮ ለደንበኛው «ከሊትር ውሃ ውስጥ የሚሊግራም አሥር ሺኛ ለይቼ አውቃለሁ» ማለት ነው። ከቡሬቱ ጫፍ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ወደ 0.05 ሚሊ ሊትር ትሆናለች። በዚህ ስሌት አንዲት ጠብታ 1 ሚሊግራም በሊትር ነች። አንዲት ጠብታ ብታሳልፍ 298 ልትሆን ነው፤ አንተ ግን ስለ አሥር ሺኛው ትነግራቸዋለህ። ሰውዬው ደግሞ ዴሲማሉ በበዛ ቁጥር ያምኑሃል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

«ታዲያ ስንት ዴሲማል ልጻፍ?» ይሉኛል። ትምህርት ቤት የተማሩት ሕግ አለ፦ ከሁሉም ያነሰውን ሲግኒፊካንት ፊገር ቁጠር። ለፈተና ይጠቅማል። ለደንበኛ ሪፖርት ግን መጀመሪያ አንሰርተንቲው፣ ማለትም ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ይሰላል። አንሰርተንቲው ወደ አንድ፣ ቢበዛ ወደ ሁለት ሲግኒፊካንት ፊገር ይጠጋጋል። ውጤቱም አንሰርተንቲው ባቆመበት ቦታ ላይ ይቆማል። ዴሲማል በምርጫ አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይከፋል፤ የሠራ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ልጁን «አንሰርተንቲ ጨምር» አልኩት፤ ጨመረ። የሦስቱን ልኬቶች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወሰደ፣ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። በሦስት ስኩዌር ሩት አካፈለ፣ 0.029 ሆነ። ከ14.80 ጋር ሲያያዝ 0.2 በመቶ መጣ። «297.2 ± 0.6» ብሎ ጻፈ። ደስ አለው፤ 297.8 ከ300 በታች ነዋ!

ሦስቱ ልኬቶች የሚነግሩህ እጅህ ራሱን መድገሙን ብቻ ነው። ኢዲቲኤው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ሦስቱም እኩል ይሳሳታሉ፣ ተስማምተው። ሊደመር የሚገባው ይህ ነው። በቅድሚያ ቡሬቱ ራሱ። 25 ሚሊ ሊትር ክላስ ኤ ቡሬት ±0.03 ይፈቀድለታል፤ በሦስት ስኩዌር ሩት ሲካፈል 0.017 ነው። የቀለሙ ጉዳይም አለ። ከወይን ጠጅ ቀይ ወደ ሰማያዊ ሲዞር አንዱ ሰው ትንሽ ሐምራዊ ሲቀር ያቆማል፣ ሌላው እስኪጠራ ይጠብቃል። ለዚህ አንድ ጠብታ እሰጠዋለሁ፣ በሦስት ስኩዌር ሩት ሲካፈል 0.029። የሙቀቱ 0.011 ገደማ ነው። እነዚህን ከድግግሞሹ ጋር ስኩዌር አድርገን፣ ደምረን፣ ስኩዌር ሩት ስንወስድ 0.046 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 0.31 በመቶ ይሆናል። የ50 ሚሊ ሊትሩ ፒፔት 0.09 በመቶ ነው፣ ከቁም ነገር አይገባም።

አሁን ትልቁ ይመጣል። 0.01003 ከየት መጣ? ልጁ 10 ሚሊ ሊትር የካልሲየም ስታንዳርድ ወስዶ ነው ኢዲቲኤውን ስታንዳርዳይዝ ያደረገው። ያ ደግሞ ራሱ ቲትሬሽን ነው፤ ያው 0.046 እዚያም አለ። ግን እዚህ ከ14.80 ሳይሆን ከ10 ገደማ ላይ ነው የሚካፈለው፣ ስለዚህ 0.46 በመቶ ይሆናል። የስታንዳርዱን የራሱን 0.3 እና የፒፔቱን ስንጨምር 0.6 በመቶ አካባቢ ነው።

```
√(0.31² + 0.09² + 0.6²) ≈ 0.68 %
297.2 × 0.0068 ≈ 2.0
U = 2 × 2.0 ≈ 4   (k = 2)
```

ስለዚህ መልሱ 297 ± 4 ነው። የላይኛው ጫፍ 301። ልጁ «ከ300 በታች ነው» ብሎ ሊፈርም የነበረው ውሃ በእርግጠኝነት በታች ነውም በላይ ነውም አይባልም። ፊቱ ሲጠቁር አብሽር አልኩት፣ እኔም የባሰ ሠርቻለሁ።

የሠራሁት ይሄ ነው፦ በመሃል ማጠጋጋት። ገና ጀማሪ ሳለሁ ኢዲቲኤዬ 0.00972 ሞላር ነበር። በደብተሬ «0.01» ብዬ ጻፍኩት፣ ያው ነው ብዬ። 2.9 በመቶ ማለት ነው። 297 የሚሆን ውሃ 306 ወጣ፣ ደንበኛውም «ከገደብ በላይ ነው» የሚል ወረቀት ይዘው ሄዱ። በመሃል ያለውን ቁጥር ሁሉ እንዳለ ያዙ፣ የሚጠጋጋው የመጨረሻው ብቻ ነው።

በደሴ ብርድ የተዘጋጀ ኢዲቲኤ ይዘው በኮምቦልቻ ሙቀት የሚሠሩም አሉ። በ15 ዲግሪ ስታንዳርዳይዝ የተደረገው በ26 ዲግሪ ሲቀዳ 0.23 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በኛ ውጤት ላይ 0.7 ሚሊግራም በሊትር ነው። አያስደነግጥም፣ ግን ስታንዳርዳይዜሽኑን በዚያው ቀን በዚያው ክፍል ብታደርጉት ጨርሶ አይኖርም።

አንሰርተንቲውን ያባዛንበት ኬ ያልተጻፈበት ± ደግሞ ግማሽ ወሬ ነው፤ k=2 እና 95 በመቶ ገደማ መሆኑን ጻፉ።

ገደብ ያለበት ሥራ ከሆነ ከደንበኛው ጋር መጀመሪያ ተነጋገሩ። 300 ላይ ሲጠጋ አንሰርተንቲውን ማን ይሸከመዋል? አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 ውስጥ የውሳኔ ደንብ የሚባለው ይህ ነው። ውጤት ከወጣ በኋላ ስታነሱት ሰውዬው ያልሆነ ነገር ያስባሉ፤ በኛም ላይ የደረሰው እንዲሁ ነው።

ልጁ በማግስቱ ኢዲቲኤውን በ10 ሳይሆን በ25 ሚሊ ሊትር ስታንዳርድ እንደገና ሠራው። ያው 0.046 አሁን ከ25 ላይ ስለሚካፈል 0.18 በመቶ ሆነ፣ የኢዲቲኤው ጠቅላላ ወደ 0.37 ወረደ። ሞላሪቲው ያው 0.01003 ነበር። ሪፖርቱ ላይ «297 ± 3 ሚሊግራም በሊትር (k=2)» ብለን ጻፍን። ሰውዬው ወረቀቱን አይተው «እና 300 ልትደርስ ትችላለች ማለት ነው?» አሉ። አዎ አልናቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ነጋዴው ስልክ መደወል ጀመሩ።